ሎተሪ ነው ወይስ ዕቁብ? የጋቻ ጌሞች ዕጣና ቆጣሪ

የእህቴ ልጅ ስልኩን ዘርግቶ አሳየኝ። በስክሪኑ ላይ ተወርዋሪ ኮከብ ሰማዩን ሰንጥቆ ያልፋል። ኮከቡ ሰማያዊ ከሆነ የወጣው ተራ ነገር ነው፤ ሐምራዊ ከሆነ ደህና ነው፤ ወርቃማ ከሆነ ልጁ ከመቀመጫው ይነሳል። የዚያን ዕለት አሥር ጊዜ አወጣ፣ ወርቅ ግን አልመጣም። እኔ አዘንኩለት፤ እሱ ግን ምንም አልመሰለውም። «ግድ የለም አጎቴ፣ ቆጣሪዬ 40 ደርሷል» አለኝ።

እኔ ቆጣሪ ሲባል የማውቀው የመብራትና የውሃ ነው። የሱ ቆጣሪ ምን እንደሚቆጥር ስጠይቀው ያስረዳኝ ነገር ግን ከጠበቅሁት በላይ ሒሳብ ያለበት ሆነ። ልጁ የዕድል ጨዋታ እየተጫወተ ነው፤ ግን ዕድሉ በየሙከራው የሚለዋወጥ፣ ሽንፈትን የሚመዘግብ፣ መጨረሻ ላይም ዋስትና የሚሰጥ የዕድል ጨዋታ ነው። ዛሬ በየስልኩ ከሚታዩት ትልልቅ ጌሞች ብዙዎቹ ገቢያቸውን የሚያገኙት በዚህ መንገድ ስለሆነ፣ አሠራሩን በአንድ ጌም ላይ ተመሥርተን እንየው። የመረጥኩት የእህቴ ልጅ የሚጫወተውን ጌንሺን ኢምፓክትን ነው። ቻይናዊው ኩባንያ ሚሆዮ በመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጌም ነው፤ ሌሎች ብዙ ጌሞችም የዕጣ አወጣጡን ወርሰውታል።

ከአሻንጉሊት ማሽን የመጣ ስም

ጋቻ የሚለው ቃል ጃፓንኛ ነው። በጃፓን በየሱቁ ደጃፍ የሚቆሙ ትንንሽ ማሽኖች አሉ። ሳንቲም ይከተትና እጀታው ይጠመዘዛል፤ በውስጧ አሻንጉሊት የያዘች ክብ ፕላስቲክ ትወድቃለች። እጀታው ሲዞር የሚያሰማው ድምፅ ለጃፓኖች «ጋቻ»፣ ፕላስቲኳ ስትወድቅ የምታሰማው ደግሞ «ፖን» ነው። ማሽኑ ውስጥ የትኞቹ አሻንጉሊቶች እንዳሉ ከፊቱ በሥዕል ይታያል። የትኛው እንደሚደርስህ ግን አታውቅም።

የስልክ ጌሞቹም ይህንኑ ወሰዱ። ጌሙን ማውረድና መጫወት ነፃ ነው። የሚሸጠው ዕጣ ነው። በጌንሺን ውስጥ አንድ ዕጣ 160 ፕሪሞጌም ያስከፍላል። ፕሪሞጌም የጌሙ የራሱ ገንዘብ ሲሆን በመጫወት ይገኛል፤ በዶላር ገዝቶ መመንዘርም ይቻላል። ከዕጣው የሚወጣው ገጸ ባሕርይ ወይም የጦር መሣሪያ ነው፤ ደረጃውም ባለ 3፣ ባለ 4 ወይም ባለ 5 ኮከብ ይሆናል። ሁሉም የሚጓጓው ለባለ 5 ኮከቡ ነው። ወርቃማው ተወርዋሪ ኮከብም የሚያበስረው እሱን ነው።

የፕላስቲኩ ማሽንና የስልኩ ጌም ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አላቸው። ማሽኑ ውስጥ ያለው አሻንጉሊት ይቆጠራል፤ ሰው በወሰደ ቁጥር ይጎድላል። ስልኩ ውስጥ ያለው ግን አያልቅም። የዕጣው ቁልፍ ሲነካ ጥያቄው ወደ ኩባንያው ሰርቨር ይሄዳል፤ ሰርቨሩ በዘፈቀደ አንድ ቁጥር ያወጣና ከተቀመጠው ገደብ ጋር ያነጻጽረዋል፤ ውጤቱን መዝግቦ ወደ ስልኩ ይልካል። ኮከቡ ሰማይ ላይ መብረር ሲጀምር ነገሩ ያለቀ ነው። ተጫዋቾች በሌሊት ማውጣት፣ ገጸ ባሕርዩን የሆነ ቦታ አቁሞ ማውጣት፣ በአሥር ፈንታ አንድ በአንድ ማውጣት ዕድል ያመጣል ሲሉ ይሰማል። ሰርቨሩ ግን ሰዓቱንም ቦታውንም አያይም።

ከሺህ ስድስት

በጌንሺን የገጸ ባሕርይ ዕጣ የአንድ ባለ 5 ኮከብ ዕድል 0.6 በመቶ ነው። ይህንን ራሱ ጌሙ ጽፎታል። ከ1,000 ዕጣ 6 ማለት ነው፤ በአማካይ ሲሰላ ለ167 ዕጣ አንድ ወርቅ ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «በአማካይ 167» ሲባል «167 ካወጣሁ ይደርሰኛል» ብሎ ይረዳዋል። እንደዚያ አይደለም። እያንዳንዱ ዕጣ ካለፈው ጋር ምንም ግንኙነት ከሌለው፣ 100 ሰዎች እያንዳንዳቸው 167 ጊዜ ቢያወጡ ወደ 37 የሚሆኑት አንድም ወርቅ ሳያዩ ይቀራሉ። 1,000 ሰዎች እያንዳንዳቸው 500 ጊዜ ቢያወጡ እንኳ ወደ 50 የሚሆኑት ባዶ እጃቸውን ናቸው። ሳንቲም አምስት ጊዜ ተወርውሮ አምስቱንም ጊዜ ዘውድ ቢወጣ ሳንቲሙ ይህን አያስታውስም፤ ስድስተኛውም ውርወራ ግማሽ በግማሽ ነው። «ይህን ያህል ካጣሁማ አሁን ይወጣልኛል» የሚለው ሐሳብ ብዙ ቁማርተኛ ያከሰረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ማስታወስ የማይችል ዕጣ ሰውን ምን ያህል እንደሚጎዳ በጃፓን ታይቷል። በ2015 መጨረሻና በ2016 መጀመሪያ ግራንብሉ ፋንታሲ በተባለው ጌም አንዲራ የተባለች ገጸ ባሕርይ ለአዲሱ የዝንጀሮ ዓመት ብቅ አለች። አንድ ተጫዋች እሷን ለማግኘት በቀጥታ ስርጭት ሲያወጣ 2,276 ዕጣ ፈጀ፤ ከ6,000 ዶላር በላይ ወጣበት። ቁጣው ሲበረታ የጌሙ ባለቤት ሳይጌምስ ጣሪያ አስቀመጠ፦ 300 ዕጣ ያወጣ ሰው የፈለገውን መርጦ ይውሰድ አለ። ለዕድል ጣሪያ ማስቀመጥ ከዚያ ወዲህ በዘርፉ እየተለመደ መጣ።

የሚያዝንልህ ቆጣሪ

ተጫዋቾች ይህንን ጣሪያ በእንግሊዝኛው ቃል «ፒቲ» ይሉታል። መራራት፣ ማዘን እንደ ማለት ነው። ጌሙ ለተጫዋቹ አዝኖ የሚሰጠው ነገር መሆኑ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ቁጥር ይይዛል። ወርቅ ያልወጣበት ዕጣ በተጎተተ ቁጥር አንድ ይጨመርበታል። ወርቅ ሲወጣ ወደ ዜሮ ይመለሳል። በጌንሺን 89 ጊዜ የተነፈገ ሰው 90ኛው ዕጣ ላይ ባለ 5 ኮከብ የግድ ይወጣለታል። የእህቴ ልጅ «40 ደርሷል» ያለው ይህንን ነው፤ ከመጨረሻው ወርቅ በኋላ 40 ዕጣ በከንቱ ሄዷል።

ለእኛ ሰው ይህን ለማስረዳት ከሎተሪና ከዕቁብ የተሻለ ምሳሌ የለም። ሎተሪ አያስታውስም። ሃያ ዓመት የገዛም ዛሬ የጀመረም ለአንድ ቲኬት እኩል ዕድል አለው። ዕቁብ ግን ያስታውሳል። 12 አባላት ያሉት ዕቁብ ውስጥ የመጀመሪያው ዙር ላይ የአንድ ሰው ዕድል ከ12 አንድ ነው። የደረሰው ሰው ስሙ ከዕጣው ይወጣል፤ ስለዚህ ያልደረሰው ሰው ዕድል በየዙሩ ያድጋል። ሰባት ስም ሲቀር ከ7 አንድ፣ ሁለት ሲቀር ግማሽ በግማሽ፣ የመጨረሻው ዙር ላይ እርግጥ ይሆናል። ማንም «አይደርሰኝም» ብሎ አይሰጋም፤ ጥያቄው መቼ የሚለው ብቻ ነው።

የጋቻ ዕጣ ሲጀምር ሎተሪ ነው፣ ሲጨርስ ዕቁብ ነው። ከሎተሪነት ወደ ዕቁብነት የሚሻገርበትን ቦታ ያወቀ ሰው ጌሙን አወቀው ማለት ነው።

ያልተጻፈው ቁጥር

ጌሙ ከ0.6 ሌላ ሁለተኛ ቁጥር ይጽፋል፦ ዋስትናው ሲጨመር አጠቃላይ ዕድሉ 1.6 በመቶ ነው ይላል። ይህ ማለት በረጅሙ ሲታይ በአማካይ በ62 ወይም 63 ዕጣ አንድ ወርቅ ይወጣል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አይገጥምም። ዕድሉ ከ1ኛው እስከ 89ኛው ዕጣ ድረስ 0.6 ብቻ ሆኖ ቆይቶ 90ኛው ላይ እርግጥ የሚሆን ቢሆን ኖሮ፣ ሒሳቡ ሲሠራ አማካዩ ወደ 70 ዕጣ ይሆናል። በመቶኛ ሲቀመጥ 1.43 ገደማ ነው። ጌሙ የጻፈው ግን 1.6 ነው። ስለዚህ ከ90ኛው በፊት ዕድሉን ከፍ የሚያደርግ ሌላ ነገር መኖር አለበት። ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ያሰላ ሰው ይህንን ከወረቀት ላይ ሊደርስበት ይችላል።

ተጫዋቾች የየራሳቸውን የዕጣ መዝገብ በብዛት አሰባስበው ሲያጠኑት ቦታው ተገኘ። እስከ 73ኛው ዕጣ ድረስ ዕድሉ በ0.6 ጸንቶ ይቆያል። ከ74ኛው ጀምሮ በእያንዳንዱ ዕጣ ወደ 6 ነጥብ ያህል ይጨምራል። 74ኛው ላይ 6.6፣ 75ኛው ላይ 12.6፣ 80ኛው ላይ 42.6 በመቶ ይደርሳል። ተጫዋቾቹ ይህንን ክልል «ሶፍት ፒቲ» ይሉታል፤ 90ኛውን ደግሞ «ሃርድ ፒቲ»።

ይህ በሰው ቁጥር ሲተረጎም እንዲህ ይሆናል። ከዜሮ የጀመሩ 100 ተጫዋቾች ቢኖሩ፣ 73ኛው ዕጣ ድረስ ወርቅ ያዩት ወደ 36 የሚሆኑት ብቻ ናቸው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሰባት ዕጣዎች ብቻ ወደ 56 የሚሆኑ ሌሎች ይጨመራሉ። 80ኛው ላይ 92 ሰው ደርሶታል። 90ኛው ድረስ የሚሄድ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ 85ኛውን አልፎ ባዶ እጁን የሚቀር እንኳ ከ10,000 ሰው ሰባት አይበልጥም። ስለዚህ ጌሙ በትልቁ የጻፈው 90 እንደ ዋስትና እውነት ቢሆንም፣ እንደ ዕቅድ ግን ሊያዝ የሚገባው ቁጥር ከ74 እስከ 80 ያለው ነው።

ሌሎች ጌሞች ይህንን አይደብቁትም። አርክናይትስ የተባለው ጌም ትልቁ ደረጃ 2 በመቶ መሆኑን፣ 50 ዕጣ ካለፈ በኋላ በየዕጣው 2 ነጥብ እየተጨመረ እንደሚሄድ ራሱ ይናገራል። ያንን ያነበበ ተጫዋች ሌላ ሰው መዝገብ እስኪሰበስብለት መጠበቅ የለበትም።

ወርቅ ወጣ፤ ግን የማን ወርቅ?

ወርቅ መውጣቱ የልብን ማግኘት አይደለም። በጌንሺን የገጸ ባሕርይ ዕጣ የሚቆየው ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ ባለ 5 ኮከብ በማስታወቂያው ላይ ጎልቶ ይታያል። ሰው የሚያወጣው ለእሱ ነው። ወርቃማው ኮከብ ሲመጣ ግን ያ ገጸ ባሕርይ የመሆን ዕድሉ በመሠረቱ ግማሽ ነው። በሌላው ግማሽ እንደ ዲሉክ ወይም ቺቺ ያሉ፣ ሁልጊዜ በጌሙ ውስጥ ከሚገኙት አንዱ ይወጣል። ተጫዋቾች ይህንን «ፊፍቲ ፊፍቲ» ይሉታል፤ ያልሆነለት ሰው «ፊፍቲ ፊፍቲ ተሸነፍኩ» ይላል።

ለተሸናፊው ሁለተኛ ዋስትና አለ፦ የሚቀጥለው ወርቅ የግድ በማስታወቂያው ላይ ያለው ይሆናል። ይህ ዋስትናም ቆጣሪውም የአንዱ ሦስት ሳምንት ሲያበቃ አይጠፉም፤ ወደ ቀጣዩ የገጸ ባሕርይ ዕጣ ይሻገራሉ። እንግዲህ ከዜሮ ለሚጀምር ሰው የመጨረሻው ክፉ ቀን 90 ሲደመር 90፣ ማለትም 180 ዕጣ ነው። ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሚሆዮ ግማሽ በግማሹን ትንሽ አሻሽሎ በጠቅላላው 55 በመቶ አድርጎታል። 180 የሚለው ጣሪያ ግን አልተነካም።

180 ዕጣ 28,800 ፕሪሞጌም ነው። በአሜሪካ ዋጋ ትልቁ ጥቅል 99.99 ዶላር ሲሆን፣ ከነጉርሻው 8,080 ይሰጣል፤ ይህም 50 ዕጣ ነው። የመጀመሪያ ግዢ ላይ የሚሰጠው ድርብ ስጦታ ካልታሰበ፣ ሁሉንም በገንዘብ የሚገዛ ሰው በክፉ ቀኑ አራት ጥቅል፣ ማለትም 400 ዶላር ገደማ ያስፈልገዋል። ለአንድ ገጸ ባሕርይ ነው።

የእህቴ ልጅ ሒሳብ

ወደ ልጁ እንመለስ። ቆጣሪው 40 ነው። ያጠራቀመው 9,600 ፕሪሞጌም ነው፤ 60 ዕጣ ያስወጣዋል። ባለፈው ጊዜ ፊፍቲ ፊፍቲውን አሸንፎ ስለነበር ሁለተኛው ዋስትና የለውም። የሚፈልገውን ገጸ ባሕርይ የማግኘት ዕድሉ ስንት ነው?

በመጀመሪያ፣ አንድ ወርቅ ማግኘቱ እርግጥ ነው። ከ40 ተነስቶ 90 ለመድረስ 50 ዕጣ ብቻ ይቀረዋል፤ እሱ 60 አለው። ምናልባትም 36 ወይም 37 ዕጣ ካወጣ በኋላ ቆጣሪው 76 አካባቢ ሲደርስ ወርቁ ይመጣል። ያ ወርቅ የሚፈልገው የመሆኑ ዕድል በመሠረታዊው ሒሳብ 50 በመቶ ነው።

ቢሸነፍስ? ቆጣሪው ዜሮ ይሆናል፤ እጁ ላይ ወደ 24 ዕጣ ይቀራል። ዋስትናው አሁን አለው፤ ግን በ24 ዕጣ ውስጥ ሁለተኛ ወርቅ ማየት አለበት፤ የሚጫወተውም ሎተሪ በሆነው ክፍል ውስጥ ነው። ያ ዕድል 13 ወይም 14 በመቶ ገደማ ነው። የመጀመሪያው ወርቅ ቶሎ የሚመጣበትም አጋጣሚ ስላለ በጥቅሉ 15 በመቶ ብንለው አንስትም። የግማሹ 15 በመቶ ደግሞ 7.5 ነው። ሲደመር ልጁ የሚፈልገውን ሊያገኝ የሚችልበት ዕድል 57 በመቶ ገደማ ይሆናል። በአዲሱ ደንብ ጥቂት ነጥብ ይጨመርለታል።

ልጁ ግን በራሱ አባባል «በጣም ቀርቦ» ነበር። መቅረቡ ውሸት አይደለም፤ የቀረበው ግን ለወርቅ ነው፤ ለፈለገው ገጸ ባሕርይ አይደለም። ወደ ሙሉ ዋስትና ለመድረስ በክፉ ቀን 50 ሲደመር 90፣ ማለትም 140 ዕጣ ያስፈልገዋል። 80 ይጎድለዋል። ያ 12,800 ፕሪሞጌም ነው። በየቀኑ የሚሰጡትን ሥራዎች በመጨረስ የሚገኘው 60 ፕሪሞጌም ስለሆነ፣ በዚያ ብቻ ከ200 ቀን በላይ ይፈጃል፤ ማስታወቂያው ግን በሦስት ሳምንት ያልፋል። በገንዘብ ከሆነ ሁለት ትልልቅ ጥቅል፣ 200 ዶላር ገደማ ነው።

የቆጣሪው ሁለት ፊት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። እንደ አንዲራ ዘመን 2,276 ዕጣ እንዳይፈጅ ሰውን ይጠብቀዋል። በሌላ በኩል፣ ተራ ሎተሪ የማይሰጠውን እውነተኛ የመቅረብ ስሜት ይሰጠዋል። ሎተሪ ያጣ ሰው ቲኬቱን ቀድዶ ይሄዳል። ቆጣሪው 70 የደረሰ ሰው ግን ጥሎ መሄድ የከፈለውን ማባከን ይመስለዋል፤ አሥር ዕጣ ብቻ ቀርቶታልና። በነፃ ያጠራቀመው ሲያልቅ አንድ ጥቅል ይገዛል። ወርቁ መጥቶ ፊፍቲ ፊፍቲውን ሲሸነፍ ደግሞ ዋስትና አለው፤ ስለዚህ እንደገና ቀርቧል።

ቆጣሪው የማይሻገርበት

የእህቴ ልጅ ጓደኛው ሌላ ጌም ይጫወታል፤ «እኔም ፒቲ አለኝ» ይላል። አንድ ስም ይጋራሉ እንጂ አንድ ነገር አይደሉም። በግራንብሉ ዓይነት ጣሪያ ላይ የሚቆጠረው የዕጣ ብዛት ነው፤ የማስታወቂያው ጊዜ ሲያበቃ ቁጥሩ አብሮ ይጠፋል። 290 አውጥቶ የቆመ ሰው ምንም አላተረፈም፤ ወይ 300 ሊሞላ ወይ ባይጀምረው ይሻለው ነበር። በጌንሺን ግን በግማሽ መቆም አይጎዳም፤ ቆጣሪው ይጠብቃል። ከዕጣ በፊት መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ እንግዲህ «ቆጣሪው ይሻገራል ወይ?» ነው።

በአንድ ጌም ውስጥም ቢሆን ቆጣሪዎቹ ይለያያሉ። በጌንሺን የገጸ ባሕርይ ዕጣ፣ የጦር መሣሪያ ዕጣ እና ዘወትር ያለው ዕጣ የየራሳቸው ቆጣሪ አላቸው። በአንዱ 70 ደርሶ በሌላው ማውጣት የጀመረ ሰው የጀመረው ከሌላ ቁጥር ነው። ለማወቅ መንገዱ ቀላል ነው፦ የዕጣ ገጹ ላይ ያለውን መዝገብ ከፍቶ ከላይኛው መስመር እስከ መጨረሻው ወርቅ ድረስ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። የተገኘው ቁጥር ቆጣሪው ነው። ያ ወርቅ በጊዜው ማስታወቂያ ላይ የነበረው ካልሆነ ደግሞ ዋስትናው በእጅ አለ ማለት ነው።

መዝገቡ የራስን ዕጣ ያሳያል፤ ሰርቨሩ ላይ የተቀመጠውን ዕድል ግን አያሳይም። በደቡብ ኮሪያ የሆነው ይህን ያስረዳል። በጥር 2024 የአገሪቱ የንግድ ውድድር ኮሚሽን ኔክሰን የተባለውን ኩባንያ ከ11 ቢሊዮን ዎን በላይ ቀጣው። ሜፕል ስቶሪ በተባለው ጌሙ ውስጥ የሚሸጥ የዕድል ዕቃ ላይ ጥሩ ውጤት የሚወጣበትን ዕድል ቀንሶ ለተጫዋቾች አለመንገሩ ነበር ጥፋቱ። በዚያው ዓመት መጋቢት የጌም ዕድሎችን በይፋ ማሳወቅ በኮሪያ በሕግ ግዴታ ሆነ።

ሌሎችም አገሮች እየተከታተሉት ነው። ጃፓን በ2012 «ኮምፕ ጋቻ» የሚባለውን፣ ማለትም በዕጣ የተገኙ ዕቃዎችን ሙሉ ስብስብ ሞልቶ ሽልማት የሚያሰጠውን ዓይነት ከለከለች። ቻይና ከግንቦት 2017 ጀምሮ ዕድሎች እንዲታተሙ አዘዘች። ቤልጅየም በ2018 በገንዘብ የሚገዙ የዕድል ሣጥኖችን ከቁማር ቆጠረች። በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በጥር 2025 በጌንሺን አሳታሚ ላይ ያቀረበው ክስ በ20 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ፤ ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ ዕጣ እንዳይሸጥም ተስማሙ። ልጆቻቸውን በአሜሪካ የሚያሳድጉና የባንክ ካርዳቸው ከልጁ ስልክ ጋር የተያያዘ ወላጆች ይህን ቢያውቁት አይከፋም።

ከመጀመሪያው ዕጣ በፊት

ለእህቴ ልጅ ወረቀት ላይ ሦስት ቁጥር ጻፍኩለት። ቆጣሪው አሁን ስንት ነው፦ 40። በክፉ ቀን ስንት ዕጣ ይቀራል፦ 140። በእጅ ያለው ስንት ነው፦ 60። ሦስተኛው ከሁለተኛው ካነሰ፣ የሚያወጣው ዋስትና ይዞ አይደለም፤ ዕድሉን እየሞከረ ነው። ዕድል መሞከር ነውር አይደለም፤ ዋስትና ያለው መስሎት መሞከሩ ነው ገንዘብ የሚያስወጣው።

እርስዎም ወይም ልጅዎ ጋቻ የሚጫወቱ ከሆነ፣ እነዚያን ሦስት ቁጥሮች ከመጀመሪያው ዕጣ በፊት ይጻፉ፤ የጎደለውንም ወደ ብር ይመንዝሩት። የዕቁብ አባል ዕጣው መጨረሻ ቢደርሰውም የከፈለውን ያህል ይወስዳል። የጋቻ ቆጣሪ ግን ወርቁ ሲወጣ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ የተከፈለው አይመለስም።